ስቅታው ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ አትሳቁ



ስቅ ሲለን «ማን ስሜን አነሳው?» ብለን እንስቃለን። ሲያስነጥሰን አጠገባችን ያለ ሰው «ይማርህ» ይለናል፣ እኛም «ያኑርህ» ብለን እናልፋለን። ሁለቱም ከደቂቃ በላይ አያሳስቡንም፤ አብዛኛውን ጊዜም ሊያሳስቡን አይገባም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስቅታ ስለያዛቸውና ማስነጠስ ስለጠፋባቸው አንድ አባት ነው። ታሪካቸውን ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ ከሁለት ቀን ያለፈ ስቅታ መሳቂያ አይደለም፣ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ብቻ መሸኘትም የለበትም።

እኚህ አባት ዕድሜያቸው ስልሳ አካባቢ ነው። እዚህ አቃቂ በሰቃ ውስጥ በርበሬና እህል የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ይሠራሉ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።) ማክሰኞ ጠዋት ባለቤታቸው ደግፈው አመጧቸው። ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ «ስቅ» አሉ። ስማቸውን ሲነግሩኝ ሁለት ጊዜ ስቅ አሉ። ውጭ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ይስቁ ነበር፤ እሳቸውም አፍረው ፈገግ አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባቴ?» አልኳቸው።

«ከእሑድ ማታ ልጄ። ሌሊትም አይተወኝም።»

እስከዚያ ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። ውሃ ትንፋሽ ሳይወስዱ ጠጥተዋል፣ ስኳር ቅመዋል፣ ጎረቤት «የወፍጮ ቤቱን ገንዘብ ሰርቀሃል ተብለሃል» ብሎ አስደንግጧቸዋል። ሰኞ ዕለት አንድ ክሊኒክ ሄደው የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል። መድኃኒቱን ለመዋጥ ሲሞክሩ ግን ትን ይላቸዋል፣ ውሃውም በአፍንጫቸው ይመለሳል።

ከዚያ ባለቤታቸው እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ። «ዶክተር፣ በርበሬው እንኳ አያስነጥሰውም እኮ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወፍጮው ሲነሳ ሲያስነጥስ የኖረ ሰው፣ አሁን ይመጣበትና እዚያው ይቀራል።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ስቅታና ማስነጠስ ሰውነታችን ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ በቀላሉ ላስረዳችሁ።

ስቅታ ምንድን ነው?

ከደረታችን በታች፣ ሳንባንና ሆድን የሚለይ እንደ ጉልላት ያለ ሰፊ ጡንቻ አለ፤ ዲያፍራም ይባላል። አየር ስንስብ ወደ ታች የሚወርደው እሱ ነው። ይህን ጡንቻ የሚያዝዘው ነርቭ የሚነሳው ከሆድ አይደለም፤ ከአንገት ነው። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው የአንገት ነርቭ ሥር ተነስቶ ደረትን አቋርጦ ይወርዳል።

ስቅ ሲለን ዲያፍራሙና በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ሳናዝዛቸው በድንገት ይኮማተራሉ። አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ወዲያው፣ በአንድ ሰከንድ ሠላሳኛ ገደማ ጊዜ ውስጥ፣ ማንቁርታችን ውስጥ ያሉት የድምፅ አውታሮች ይዘጋሉ። ያ «ስቅ» የሚለው ድምፅ አየሩ ከተዘጋው በር ጋር ሲጋጭ የሚወጣ ነው።

ዲያፍራሙ እንዲህ ሲኮማተር የድምፅ አውታሮቹም በትክክለኛው ቅጽበት እንዲዘጉ ሁለቱን የሚያናብብ አንድ አዛዥ ያስፈልጋል። ያ አዛዥ ያለው በአንጎል ግንድ ነው። የአንጎል ግንድ ማለት አንጎላችንን ከአከርካሪ ሰረሰራችን ጋር የሚያያይዘው፣ ከማጅራታችን በላይ የሚገኘው፣ አውራ ጣት የሚያህል ክፍል ነው። ትንፋሽን፣ መዋጥን፣ ማስታወክን፣ የልብ ምትን የሚቆጣጠረው እሱ ነው።

ወደዚህ አዛዥ መልእክት የሚያመጡ ረጃጅም መስመሮች አሉ። ከጉሮሮ፣ ከምግብ ቧንቧ፣ ከጨጓራ፣ ከደረትና ከዲያፍራሙ ከራሱ ይመጣሉ። ቶሎ ቶሎ በልተን ጨጓራችን ሲወጠር፣ ለስላሳ ወይም ቢራ ስንጠጣ፣ ትኩስ ላይ ቀዝቃዛ ስናስከትል ስቅ የሚለን ከእነዚህ መስመሮች አንዱ ስለተነካ ነው። እንዲህ ያለው ስቅታ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢበዛ በሰዓታት ውስጥ ይተዋል።

የቤት ውስጥ መላዎቻችንም ከንቱ አይደሉም። ትንፋሽ ስንይዝ በደማችን ውስጥ የተቃጠለ አየር ይጨምራል፤ እሱም ስቅታውን ያበርደዋል። ቀዝቃዛ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ስንጎነጭ ወይም ስኳር ስንውጥ ጉሮሮ ውስጥ ያለው ነርቭ ሌላ ሥራ ያገኛል፣ የስቅታው ዙር ይቋረጣል። ስለዚህ ዛሬ ከምሳ በኋላ ስቅ ካላችሁ ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ውሃ ተጎንጩ፣ አትጨነቁ።

ጨቅላ ልጅ ያላችሁ እናቶችም አትጨነቁ። ሕፃናት ገና ማሕፀን ውስጥ ሳሉ ጀምሮ ስቅ ይላቸዋል። ጡት ከጠቡ በኋላ ስቅ ሲላቸው ቀና አድርጎ ማቀፍና ማስገሳት ይበቃል። ግንባራቸው ላይ እርጥብ ክር መለጠፍ ስቅታውን አያቆመውም፤ ክሩ ወርዶ አፋቸው እንዳይገባም አስባለሁና ብትተዉት እመርጣለሁ።

ማስነጠስስ?

ማስነጠስ የሚጀምረው አፍንጫ ውስጥ ነው። የፊታችንን ስሜት የሚያደርሰው ትልቅ ነርቭ ጫፎቹ አፍንጫችን ውስጥ ተዘርግተዋል። የበርበሬ ብናኝ ሲነካቸው «ያቃጥላል» ብለው ወደ አንጎል ግንድ ይልካሉ። አዛዡ መልእክቱ በቂ ነው ብሎ ሲወስን ተራ በተራ ያዝዛል። መጀመሪያ ጥልቅ አየር እንስባለን። ቀጥሎ የድምፅ አውታሮች ይዘጋሉ። ቀጥሎ የደረትና የሆድ ጡንቻዎች በኃይል ይጨምቃሉ፣ የታመቀው አየር ግፊቱ ይጨምራል። በመጨረሻ በሩ በድንገት ይከፈትና አየሩ በአፍንጫና በአፍ ፈንድቶ ይወጣል። ዓይናችንም አብሮ ይጨፈናል።

ልዩነታቸውን አስተዋላችሁ? ሁለቱም የሚጠቀሙት ያንኑ የመተንፈሻ ጡንቻና ያንኑ በር ነው። ስቅታ ግን ወደ ውስጥ ይስብና በሩን ይዘጋል፤ ማስነጠስ በሩን ዘግቶ ያምቅና ወደ ውጭ ይፈነዳል። የሁለቱም ትእዛዝ የሚሰናዳው በአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል ውስጥ፣ በጣም ተቀራርበው በሚገኙ ቦታዎች ነው።

አሁን ወደ ወፍጮ ቤቱ አባት እንመለስ።

አንድ ሰው ያለማቋረጥ ስቅ እያለው፣ ማስነጠስ እየመጣበት ሳይወጣ ቢቀር፣ መዋጥም ቢያቅተው፣ ሦስቱን የሚያገናኘው ጨጓራ አይደለም። ሦስቱ የሚገናኙት በአንጎል ግንድ ነው። ስለዚህ እንደገና ከመጀመሪያው ጠየቅኳቸው።

«ከስቅታው በፊት ምን ነበር?»

ቅዳሜ ረፋድ ወፍጮው ላይ ቆመው ሳለ በድንገት ዓለም ዞረባቸው። አስታወካቸው። ግድግዳ ይዘው ወደ ቤት ሄዱ። ቤተሰቡ «ደም አንሶህ ነው» ብሎ አስተኛቸው። እሑድ ድምፃቸው ጎረነነ፤ ብርድ መታቸው ተባለ። ማታ ስቅታው ጀመረ። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ «ደህና ነኝ» ብለው ካቋረጡ ወራት ሆኗቸዋል። ግፊታቸውን ስለካው 178 በ104 ነበር።

እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው እንዲይዙ አደረግኩ፤ አንዱም አልወረደም። ፈገግ ሲሉ አፋቸው አልተጣመመም። የሚናገሩት ቃል ሁሉ ይሰማል። ብዙዎቻችሁ ስለ ስትሮክ የምታውቋቸው ሦስቱ ምልክቶች፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛልና የንግግር መኮላተፍ፣ አንዱም የለም። በዚያ ብቻ ብፈርድ እኔም ወደ ቤት እሸኛቸው ነበር።

ቀዝቃዛ ብረት ወስጄ ፊታቸውን ነካሁ። በግራ ጉንጫቸው «ቀዝቃዛ ነው» አሉ፤ በቀኝ ጉንጫቸው ቅዝቃዜው አልተሰማቸውም። ክንዳቸው ላይ ግን ተገልብጦ አገኘሁት፤ በቀኝ ክንድ ይሰማቸዋል፣ በግራው አይሰማቸውም። የቀኝ ዓይናቸው ቆብ ትንሽ ወርዷል። አፋቸውን ከፍተው «አ» ሲሉ እንጥላቸው ወደ ግራ ተጎተተ። አቁሜ ሳራምዳቸው ወደ ቀኝ ያጋድሉ ነበር።

ፊት በአንድ ወገን፣ ገላ በተቃራኒው ወገን ቅዝቃዜና ሕመም አለመለየት፣ ከዚህ ሁሉ ጋር ተደምሮ፣ አንድ ቦታን ይጠቁማል። የፊት ስሜት መስመር በዚያ ቦታ ገና አልተሻገረም፣ የገላው ግን ከታች ተሻግሮ ነው የመጣው፤ ስለዚህ በዚያ ነጥብ ላይ የደረሰ አንድ ጉዳት ሁለቱን በተቃራኒ ወገን ይነካል። ቦታው የአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል የቀኝ ጎን ነው። የሐኪም መጻሕፍት ዋለንበርግ ሲንድሮም ይሉታል። አንድ ቀጭን የደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣ ስትሮክ ነው። የእጅና የእግር ጉልበት መስመር በሌላ በኩል ስለሚያልፍ ሰውየው አይሽመደመድም። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የሚያመልጠን።

የማስነጠስ ነገርስ? በዚህ ቦታ ስትሮክ የመታቸውና ማስነጠስ የጠፋባቸው ጥቂት ሰዎች ታሪክ በሕክምና መጽሔቶች ታትሟል። አፍንጫቸው ሲነካ ስሜቱ ይመጣል፣ ማስነጠሱ ግን አይወጣም። የኛ እናት ያንን ጽሑፍ አላነበቡም፤ ባላቸውን ግን ሠላሳ ዓመት ተመልክተዋል። ከእኔ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው።

ወደ ሆስፒታል ላክናቸው። መጀመሪያ የተነሳው ሲቲ ስካን ደም መፍሰስ የለም አለ፤ የተዘጋውን ቦታ ግን አላሳየም። ይህንን ልብ በሉ። ሲቲ ስካን ደም መፍሰስን ለመለየት ጥሩ ነው፣ የአንጎል ግንድን ግን በዙሪያው ያለው ወፍራም አጥንት ስለሚጋርደው ትንሽ ስትሮክ በቀላሉ ያመልጠዋል። «ሲቲው ንጹህ ነው» ማለት «ስትሮክ የለም» ማለት አይደለም። ቦታውን ያሳየው ኤምአርአይ ነው።

መዋጥ እስኪመለስላቸው በአፍንጫ በገባ ቱቦ ተመገቡ። የደም መርጋትን የሚከላከል፣ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት ተጀመረላቸው። ለስቅታው ባክሎፌን ተሰጣቸው፤ በሁለተኛው ቀን እየራቀ ሄዶ ቆመ። ዛሬ ምግባቸውን ራሳቸው ይበላሉ። ድምፃቸው ጎርናና ነው፣ ቀኝ ጉንጫቸው አሁንም ሙቅና ቀዝቃዛ በደንብ አይለይም። የተዘጋ ደም ሥርን የሚከፍተው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያ ሰዓት ያለፈው ግን ቅዳሜ፣ «ደም አንሶህ ነው» ተብለው በተኙበት ነው።

እንግዲህ የኔ አቋም ይህ ነው።

ሰውን በስቅታ ብቻ ስትሮክ አለብህ ማለት ስህተት ነው። ከሁለት ቀን በላይ ስቅ ከሚላቸው ሰዎች የብዙዎቹ መነሻ የምግብ ቧንቧና የጨጓራ ችግር ነው፤ ስለዚህ የጨጓራ መድኃኒት የሰጠው ባለሙያ ያለ ምክንያት አልሰጠም። የኔ ቅሬታ ጥያቄው እዚያ ላይ መቆሙ ነው። የስቅታው መስመር ረጅም ነው ብያችኋለሁ። ኩላሊት ሲደክም በደም የሚጠራቀመው ቆሻሻ አዛዡን ራሱን ይረብሸዋል። ጉበት ላይ የቋጠረ መግል ዲያፍራሙን ከሥሩ ይቆጠቁጠዋል። እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶችም ስቅታ ያመጣሉ። በጨጓራ መድኃኒት የተሸፈነ ስቅታ ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ሊደብቅ ይችላል።

ስለዚህ ሰዓት ቁጠሩ። ሕክምናው የሚጠቀምበት ወሰን 48 ሰዓት ነው። ስቅታው 48 ሰዓት ካለፈ፣ እየመጣ እየሄደም ቢሆን፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። «ከስቅታው በፊት ምን ነበር?» ተብላችሁ ባትጠየቁም ራሳችሁ ንገሩ። የኩላሊት ምርመራና የደም ጨው ምርመራ ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

48 ሰዓት የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ከስቅታው ጋር ድንገተኛ ማዞር፣ ወደ አንድ ጎን ማጋደል፣ ውሃ ሲጠጡ ትን ማለት፣ የድምፅ መጎርነን፣ አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ወይም የፊት መደንዘዝ ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። የደረት ሕመም ካለም እንዲሁ፤ የልብ ድካም በሽታ ሳይሆን የልብ ደም ሥር መዘጋትም በስቅታ ሊመጣ ይችላል። አምቡላንስ ለመጥራት 907 ወይም 939 ደውሉ። እኛ አቃቂ ቃሊቲ ላለነው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርባችን ነው።

ውሃ ትን የሚለውን ሰው ግን ስቅታውን ለማስቆም ብላችሁ ውሃ አታጠጡት። ለጤነኛ ሰው መላ የሆነው ያ ውሃ እሱ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣበታል። እኚያ አባት ከእሑድ ማታ ጀምሮ «ጠጣ፣ ጠጣ» ሲባሉ ነበር። ስኳርም፣ ኪኒንም እንደዚያው ነው። ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን የስቅታ መድኃኒትም ከፋርማሲ ጠይቃችሁ በራሳችሁ አትግዙ፤ ግፊት ይጥላል፣ በጣም ያስተኛል፣ ምልክቶቹንም ይሸፍናል።

ስለ ማስነጠስ ደግሞ አንድ ቃል። አንዳንዶቻችሁ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ስብሰባ ወይም ለቅሶ ላይ ስትሆኑ አፍራችሁ አፍንጫችሁን ቆንጥጣችሁ፣ አፋችሁን ገጥማችሁ ማስነጠስ ትውጣላችሁ። ቅድም እንዳልኩት በዚያ ቅጽበት ጡንቻዎቹ መጨመቅ ጀምረዋል፤ አየሩ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ወደ ጉሮሮና ወደ ጆሮ ይዞራል። በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከእንግሊዝ ሌስተር የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ አለ። የ34 ዓመት ጤነኛ ወጣት እንዲህ አድርጎ ማስነጠሱን ሲይዝ የጉሮሮው ግድግዳ ተቀደደ። አንገቱ አበጠ፣ ድምፁ ሊጠፋ ደረሰ፣ ለአንድ ሳምንት በቱቦ ተመገበ። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው፤ ቢሆንም መያዙ ምንም ጥቅም የለውም። ክንዳችሁን አጥፋችሁ በክርናችሁ ውስጥ አስነጥሱ፣ ወይም በነጠላችሁ ጫፍ ሸፍኑ፣ ከዚያ «ያኑርህ» በሉ።

ባለፈው ወር እኚያ አባት ለክትትል መጡ። ባለቤታቸው በር ላይ ሆነው በደስታ ነገሩኝ፤ «ዶክተር፣ ትናንት ሚጥሚጣ ስንፈጭ አስነጠሰው!»

ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ በአንድ ድምፅ «ይማርዎት» አልን።

ይህን ጽሑፍ የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ ወላጆቻችሁ አንብቡላቸው። ቤታችሁ ውስጥ ስቅታው ከሁለት ቀን ያለፈ ሰው ካለ ግን ንባቡን ተዉትና ይዛችሁት ሂዱ።